15 ሲኒ የሰበረው ልጅ

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ረከቦቱ ሳሎን መሃል ተቀምጦ ነበር። የአምስት ዓመቷ ልጇ ፈንዲሻ ልትዘግን ስትንጠራራ ክንዷ አንዱን ሲኒ መታው። ወለሉ ላይ ወድቆ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ልጅቷ ገና ማንም ሳይናገራት ማልቀስ ጀመረች። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ "እሷ እኮ አውቃ አይደለም" ብሎ ጠበቃ ሆነላት። እህቴ ምንም አላለችም። ስብርባሪውን ጠርጋ ሌላ ሲኒ አመጣች።

እኔ ግን የቆየ አመል አለብኝ። ለቅሶው ሲበርድ ሁለቱንም አጠገቤ አስቀምጬ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። አንድ ልጅ "ምሳ ቀርቧል" ተብሎ ተጠራ። ከበሩ ጀርባ ወንበር ላይ 15 ሲኒ የያዘ ትሪ አለ። ልጁ ይህን አያውቅም። በሩን ሲከፍተው ትሪው ተመታና 15ቱም ሲኒዎች ተሰባበሩ። ሌላኛው ልጅ ደግሞ እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊወስድ ወንበር ላይ ወጣ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እጁን ሲሰድ አንድ ሲኒ ነክቶ ጣለ። አንዷ ሲኒ ተሰበረች። ከሁለቱ የባሰ ጥፋት ያጠፋው ማን ነው?

ትንሿ አላመነታችም። "15 የሰበረው!"

"ለምን?"

"ብዙ ነዋ!"

ወንድሟ ሳቀባት። "ኧረ እሱ አላየም። ያኛው ነው ሌባው።"

ታሪኩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዣን ፒያዤ ከዘጠና ዓመት በፊት ለልጆች ሲያቀርበው የነበረ ነው፤ በ1932 ባሳተመው ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ዳኝነት በሚናገር መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ ልጆች የሰጡኝም መልስ ፒያዤ ያገኘው ዓይነት ነው። ትንንሾቹ የጉዳቱን ብዛት ይቆጥራሉ። ከፍ ያሉት ልጁ ምን አስቦ እንደነበር ይጠይቃሉ።

እንግዲህ "ትንሿ ገና መጀመሪያው ደረጃ ላይ ናት፣ ትልቁ ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል" ብሎ መዝጋት ይቻላል። ወላጆች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይህን የሚል ሰንጠረዥ በየጊዜው ይላክልኛል። ዕድሜው በግራ፣ ደረጃው በቀኝ፣ ከላይ መሰላል የሚወጣ ልጅ ሥዕል። ሰንጠረዡ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ችግሩ ያለው ደረጃው እንዴት እንደተለካ ስትጠይቁ ነው።

ብይ የሚጫወተው ምሁር

ፒያዤ የጀመረው ከሲኒ ሳይሆን ከብይ ነው። ኒውሻቴልና ጄኔቫ ውስጥ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ "እስቲ አጨዋወቱን አስተምሩኝ" ይላቸዋል። እንዳላወቀ ሆኖ ይጫወታል፣ ይሳሳታል፣ እንዲያርሙት ይጠብቃል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ሕጉን ማን አወጣው? መለወጥ ይቻላል? አዲስ ሕግ ብታወጣ ልክ ይሆናል?

ያገኘው ነገር ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ፈገግ የሚልበት ነው። የስድስት ዓመት ገደማ ልጆች ሕጉ ከአባቶች፣ ከትልልቅ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከእግዚአብሔር የመጣ ስለሆነ አይነካም ይላሉ። ሲጫወቱ ግን ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጫወተው። ሁለቱም አሸናፊ ሆነው ይነሳሉ። የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ሁሉም ከተስማማ ሕጉ ይለወጣል ይላሉ፤ ጨዋታው ላይ ግን ሕግ ጠባቂ ናቸው። ፒያዤ የመጀመሪያውን ከትልቅ ሰው የሚወረስ ሥነ ምግባር አለው። ሁለተኛው ደግሞ እኩዮች ሲጨቃጨቁና ሲስማሙ የሚገነባ ነው። በእሱ አስተሳሰብ ልጁን የሚያሻግረው የወላጅ ምክር አይደለም። የሚያሻግረው ከእኩያው ጋር "አጭበረበርክ፣ አላጭበረበርኩም" የሚባባልበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ፒያዤ ራሱ በሥነ ምግባር ጉዳይ ስለ ጠንካራ ደረጃዎች መናገር አልፈለገም። ሁለቱ አስተሳሰቦች በአንድ ልጅ ውስጥ ተደራርበው ሊኖሩ እንደሚችሉ ጽፏል። ድርቅ ያለው መሰላል የመጣው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሲኒዎቹ እንመለስ። ታሪኩን ረጋ ብላችሁ ብታዩት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ልጁ ሁለት ሙሉ ታሪክ በጭንቅላቱ ይዞ ማነጻጸር አለበት። ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ 15 ስብርባሪ ይታያል፣ ሐሳብ ግን አይታይም። ጉዳቱ በቁጥር ተነግሯል፤ የልጁ ፍላጎት ግን በአንድ ሐረግ ታልፏል። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዳቸውም ሲኒ ለመስበር አላሰቡም። ማርማላታ የሚፈልገው ልጅ ታዛዥ አይደለም እንጂ ሲኒውን የጣለው በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ሐሳብ ወይስ ውጤት" አይደለም። "ትልቅ አደጋ ወይስ ትንሽ አደጋ ከትንሽ ሌብነት ጋር" ነው። እንዲህ ሲቀርብ የእህቴ ልጅ መልስ ያን ያህል ሞኝነት አይመስልም።

ሻሮን ኔልሰን የተባለች ተመራማሪ በ1980 ይህን ቋጠሮ ፈታችው። ታሪኳ በጣም አጭር ነው። አንድ ልጅ ለጓደኛው ኳስ ይወረውራል። የሚወረውረው ወይ አብሮት ለመጫወት ነው፣ ወይ ስለተናደደበት ሊመታው ነው። ውጤቱም ሁለት ነው። ጓደኛው ኳሱን ይቀልባል፣ ወይም ኳሱ ጭንቅላቱን ይመታውና ያለቅሳል። ሐሳብና ውጤት አራት ዓይነት ተጣምረው ይቀርባሉ። ልጆቹ ሁለት ታሪክ እንዲያነጻጽሩ አይጠየቁም፤ አንዱን ሰምተው ልጁ ምን ያህል ጥሩ ወይም መጥፎ እንደሆነ ብቻ ይናገራሉ። ለአንዳንዶቹ ታሪኩ በቃል ብቻ ተነገረ። ለሌሎቹ በሥዕል ታጀበ፤ የወርዋሪው ሐሳብም በሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ።

የሦስት ዓመት ልጆች ሐሳቡን ከግምት አስገቡ። ፒያዤ ከስንት ዓመት በኋላ ይመጣል ያለው ነገር ሦስት ዓመት ላይ ተገኘ። አንድ ቅሬታ ግን ይቀራል። ሕፃናቱ ከሐሳቡም ሆነ ከውጤቱ አንዱ መጥፎ ከሆነ ልጁን መጥፎ ወደ ማለት ያዘነብሉ ነበር። ጥሩና መጥፎ የተቀላቀለበትን ነገር ማመዛዘን ይከብዳቸዋል ማለት ነው። እድገት አለ። የሚያድገው ግን "ሐሳብ የሚባል ነገር አለ" ብሎ ማወቅ አይደለም። ሁለት ነገር በአንዴ ይዞ መመዘን ነው የሚያድገው።

እኔም ያን ቀን ደብተር ላይ ሥዕሉን ሞከርኩ። ሥዕል አልችልም፤ የተናደደውን ልጅ ቅንድብ ብቻ ነው ያሳካሁት። ትንሿ ግን ገባት። ኳሱ ሳይመታው ቢቀርም "ሊመታው ነበር፣ ባለጌ ነው" አለች። ከግማሽ ሰዓት በፊት ሲኒ ስትቆጥር የነበረችው ያችው ልጅ ናት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረጃ አልዘለለችም። የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ሄይንዝና መድኃኒቱ

መሰላሉን ያቆመው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሎውረንስ ኮልበርግ ነው። በ1958 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት 10፣ 13 እና 16 ዓመት የሆናቸውን 72 ልጆች አነጋገረ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ይህን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሥነ ልቦና ኮርስ የወሰደ ሁሉ የሄይንዝን ታሪክ ያውቃል። የሄይንዝ ሚስት በካንሰር ልትሞት ነው። የሚያድናት መድኃኒት ያው ከተማ ያለ ፋርማሲስት ያገኘው ነው። ለማዘጋጀት 200 ዶላር አውጥቶ በ2,000 ይሸጠዋል። ሄይንዝ ዞሮ ዞሮ ለምኖ 1,000 ብቻ አገኘ። "በቅናሽ ስጠኝ፣ ወይም ቀሪውን በኋላ ልክፈል" አለው። ፋርማሲስቱ እምቢ አለ። ሄይንዝ ተስፋ ቆርጦ ሱቁን ሰብሮ መድኃኒቱን ሰረቀ። ልክ ነው?

ኮልበርግ "ልክ ነው" ወይም "አይደለም" ለሚለው ነጥብ አይሰጥም። የሚቆጥረው ምክንያቱን ነው። "መስረቅ የለበትም" ካሉ ልጆች አንዱ "ይታሰራላ" ይላል፤ ይህ 1ኛ ደረጃ ነው። ሌላው "ሚስቱ ብትድን እሱስ እስር ቤት ሆኖ ምን ያገኛል?" ብሎ ያሰላል፤ 2ኛ። ሦስተኛው "ሰው ሌባ ይለዋል፣ ቤተሰቡን ያዋርዳል" ይላል፤ 3ኛ። አራተኛው "ሁሉም ችግር አለብኝ እያለ ቢሰርቅ ሕግ የሚባል አይኖርም" ይላል፤ 4ኛ። ከዚያ በላይ ያሉት ሁለቱ ሕጉን ራሱን በመርህ የሚመዝኑ ናቸው። ሕግ ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው፣ የሰው ሕይወት ግን ከንብረት ይቀድማል የሚል ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

ለኮልበርግ ተገቢውን ዋጋ ልስጠው። እሱና ባልደረቦቹ ከእነዚያ ልጆች 58ቱን በየሦስትና አራት ዓመቱ እየተመላለሱ ለ20 ዓመት ያህል ጠየቋቸው። ውጤቱ በ1983 ታተመ። ልጆቹ ደረጃ አልዘለሉም፤ ወደ ኋላ የተመለሱትም በጣም ጥቂት ናቸው። አሥር ዓመት ላይ በብዛት 1ኛና 2ኛ፣ በጉርምስና ማብቂያ 3ኛ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ 4ኛ። 5ኛ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። 6ኛ ማንም ስላልደረሰ ከመመዘኛው ወጣ። አብዛኛው ትልቅ ሰው 3ኛና 4ኛ ላይ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ለእነዚህ ሰዎች ይሠራል። የሚያከራክረው ለማን አይሠራም፣ ደግሞስ ምኑን ነው የለካው የሚለው ነው።

እስቲ ሄይንዝን እዚህ አምጡት። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሰው ይህን ታሪክ ብትነግሩት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ ሌብነቱ አይመስለኝም። "ዘመድ የለውም እንዴ? እድር የለውም? ለፋርማሲስቱ ሽማግሌ ልኮበታል?" ነው የሚላችሁ። በኮልበርግ ቃለ መጠይቅ ይህ መልስ እንደ መሸሽ ይቆጠራል። ጠያቂው "ሌላ መንገድ የለም እንበል፣ ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?" ብሎ ይመልሳችኋል።

ይህ በእኔ ግምት ብቻ የቀረ አይደለም። የኮልበርግ ባልደረባ የነበረችው ካሮል ጊሊጋን በ1982 ባወጣችው መጽሐፍ የሁለት የ11 ዓመት ልጆችን መልስ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጄክ ቀጥ ብሎ "ይስረቅ፣ ሕይወት ከገንዘብ ይበልጣል" አለ። ነገሩን በሰው እንደሚሠራ የሒሳብ ጥያቄ አየው። ኤሚ ግን አንገራገረች። ሄይንዝ መስረቅ የለበትም፣ ሚስቱም መሞት የለባትም አለች። ገንዘቡን ይበደር፣ ፋርማሲስቱን አነጋግሮ ያስረዳው፤ ቢሰርቅና ቢታሰር፣ ሚስቱ እንደገና ብትታመም ማን ያስታምማታል? ጠያቂው ጥያቄውን ይደጋግምባታል፣ እሷ መልሷን ትደጋግማለች፣ በመጨረሻ በራስ መተማመኗ ይላላል። በመመዘኛው ኤሚ ከጄክ አንድ ደረጃ ያህል ዝቅ አለች።

የጊሊጋን ክስ መሰላሉ ከወንዶች ብቻ ተሠርቶ ሴቶችን ይለካል የሚል ነበር። ክሱ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ወድቋል። ሎውረንስ ዎከር በ1984 የነበሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ በአብዛኞቹ ውስጥ በወንድና በሴት መካከል የደረጃ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ "ሴቶች ዝቅ ይላሉ" የሚለው አልተረጋገጠም። "ግንኙነትን የሚያስቀድም መልስ በመመዘኛው ላይ ቦታ የለውም" የሚለው ግን ቀረ። እኔ ብሆን ኤሚን ሽማግሌ አድርጌ እልካታለሁ።

ሌላው ምስክር የመጣው ከሩቅ ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ አን ቲቴን እና ዎከር ማይሲን የሚባለውን ሕዝብ የመንደር መሪዎች ስለ ሄይንዝ ጠየቋቸው። ከመሪዎቹ የተገኘው አንዱ መልስ ጥፋቱን ወደ ማኅበረሰቡ የሚያዞር ነበር። ማንም ካልረዳውና ከሰረቀ፣ ችግሩን የፈጠርነው እኛ ነን የሚል ነው። ይህን መልስ 3ኛ ትሉታላችሁ ወይስ 5ኛ? ጆን ስናሬይ በ1985 ከ27 አገሮች የተገኙ 45 ጥናቶችን ሲመረምር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ደረጃዎች ብዙ ቦታ እንደሚገኙ አየ። ከዚያ በላይ ያሉት ግን በከተማ በተማረው ሰው ዘንድ እንጂ በገጠር ማኅበረሰቦች ውስጥ አልተገኙም። ሁለት መደምደሚያ አለ። ወይ የገጠር ሰው ሁሉ በሥነ ምግባር ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ወይ የላይኛው ደረጃ የተጻፈው በአንድ ዓይነት ሰው ቋንቋ ነው። የእርቅ ሥርዓት አይቶ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ለመቀበል የሚቸገር ይመስለኛል።

እግዚአብሔር ስረቁ ቢል

እስካሁን ያሉት ነቀፋዎች መሰላሉ ጠማማ ነው የሚሉ ናቸው። ኤሊዮት ቱሪየል የተባለ ተመራማሪ ግን ለምን አንድ መሰላል ብቻ ይኖራል ብሎ ጠየቀ። እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው።

የኮልበርግ መሰላል ልጁ መጀመሪያ ቅጣትን፣ ከዚያ ወግንና ሕግን፣ በመጨረሻ ፍትሕን ይረዳል ይላል። እንዲህ ከሆነ ትንሽ ልጅ "መምታት" እና "ዩኒፎርም አለመልበስ" ያው ጥፋት ሊመስሉት ይገባል። ሁለቱም ያስቀጣሉና። ቱሪየልና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጠየቁ። ጥያቄው ቀላል ነው። "መምህሯ ብትፈቅድ ችግር አለው? እንዲህ የሚል ሕግ የሌለበት ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆንስ?" ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ለየት አድርገው ይመልሳሉ። የልብስ ሕግ ከተነሳ ችግር የለም። መምታት ግን መምህሯም ብትፈቅድ ልክ አይደለም። "ለምን?" ሲባሉ "ያመዋላ" ይላሉ። ቅጣት አይጠቅሱም።

ላሪ ኑቺና ቱሪየል ይህንኑ ጥያቄ ሃይማኖት ወደሚጠብቁ ቤቶች ወሰዱት። አሜሪካ ውስጥ አሚሽ ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖችንና የአይሁድ ቤተሰቦችን ልጆች ጠየቁ። በሰንበት ሥራ መሥራትን እግዚአብሔር ባይከለክል ኖሮ ችግር ነበረው? አልነበረውም፣ ይላሉ ብዙዎቹ። እግዚአብሔር ስረቁ ብሎ ቢያዝ ኖሮ መስረቅ ልክ ይሆን ነበር? አብዛኞቹ አይሆንም አሉ። ሌላውን ይጎዳል፣ ደግሞም እግዚአብሔር እንዲህ አይልም። ይህን ሳነብ ስለ ጾም የሚከራከሩ ልጆች ትዝ ይሉኛል። ረቡዕ ወተት የጠጣ ጓደኛቸውን ያሾፉበታል እንጂ አይጣሉትም፤ "እነሱ ቤት አይጾሙም" ብለው ይተዉታል። እርሳሳቸውን የወሰደባቸውን ግን አይለቁትም።

ቱሪየልም ነቃፊ አላጣም። ሪቻርድ ሽዌደር የተባለ ተመራማሪ ሕንድ ውስጥ ቡባኔስዋር ከተማ ሰዎች የትኛው ድርጊት ከሁሉ የከፋ እንደሆነ እንዲናገሩ ጠየቀ። አባቱ በሞተ ማግስት ጸጉሩን ተቆርጦ ዶሮ የበላ የበኩር ልጅ ከከባዶቹ አጥፊዎች ተርታ ተሰለፈ። ለቺካጎ ሰው ይህ የግል ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጢሙን ሳይላጭ የሚሰነብትበት አገር ስለሆነ ነገሩ ብዙ አይደንቀንም። ለሕንዳዊው ጎረቤት ድርጊቱ የአባትየውን ነፍስ የሚጎዳ ነው። እንግዲህ ወግና ግፍ የሚለዩበት መስመር በሁሉም ቦታ አለ ብንል እንኳ የት እንደሚሰመር ግን ማኅበረሰቡ የሚያምነው ነገር ይወስነዋል።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መሰማት ሌላ። በ1988 የታተመ የጀርመን ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ገርትሩድ ኑነር ቪንክለር እና ቤአቴ ዞዲያን የጓደኛውን ከረሜላ ስለሰረቀ ልጅ ለሕፃናት ነገሯቸው። የአራት ዓመት ልጆች መስረቅ መጥፎ እንደሆነ በሚገባ ያውቃሉ። "ልጁ አሁን ምን ይሰማዋል?" ሲባሉ ግን "ደስ ይለዋል፣ ከረሜላውን አገኘዋ!" ይላሉ። የስምንት ዓመት ልጆች ደግሞ ይከፋዋል ይላሉ። በአራት ዓመት ሕጉ ተጨብጧል፣ ጸጸቱ ገና ነው። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይህችን የአራት ዓመት ልጅ የት ታስቀምጧታላችሁ? በአንዱ ረድፍ ቀድማለች፣ በሌላው ዘግይታለች።

ሕግ አውጪ ግን መስመር ማስመር ግድ ይሆንበታል። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ላሉት የተለየ አያያዝ አለው፤ ከ15 እስከ 18 ደግሞ ሌላ። ዳኛ እያንዳንዱን ልጅ በሥዕል እየጠየቀ አይዘልቅም፣ ስለዚህ ቁጥር ያስፈልገዋል። ወላጅ ግን ቁጥር አያስፈልገውም። ልጁ አጠገቡ ነው፣ መጠየቅ ይችላል።

ጉርምስና ላይ ደግሞ ጸቡ ቦታ ይቀይራል። ጁዲት ስሜታና ወላጅና ጎረምሳ ስለምን እንደሚጣሉ ለዓመታት አጥንታለች። ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ስለ ሌብነት ወይም ስለ ውሸት አይደለም፤ በዚህ ይስማማሉ። የሚጣሉት ስለ ክፍል ጽዳት፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ጓደኛ ነው። ወላጅ ነገሩን የሥርዓት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፣ ልጅ "የራሴ ጉዳይ" ይለዋል። ልጁ ሥነ ምግባር አጥቶ አይደለም። የግል የሚለውን ክልል እያሰፋ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በዚህ ጉዳይ በቀደም ደውላልኝ ነበር። የ15 ዓመት ልጇ የክፍሉን በር መዝጋት ጀምሯል። እንግዳ ሲመጣ እንኳን ወጥቶ ሰላም አይልም። "ሥነ ምግባር የሚባል ነገር ጠፋበት" አለችኝ። ያንን ሰንጠረዥ እሷም አይታዋለች። "ቆይ፣ ይሄ ልጅ ስንተኛው ላይ ነው?"

"ታናሽ ወንድሙን ይመታዋል?" አልኳት።

"ኧረ በጭራሽ። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ትንሹን አውቶቡስ ላይ ሲያስቸግረው እሱ ነው ተነስቶ ያስቆመው። ማንም ሳይነግረው።"

"ዋሽቶሽ ያውቃል?"

"ፈተና ሲወድቅ እንኳ ራሱ ነው የሚነግረኝ።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ፣ በሩስ?" አለችኝ።

"አንኳኪ" አልኳት።

"በራሴ ቤት?"